«አግባብ ያለው አካል» ማን ነው?

(ለመምህራንና ለወላጆች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ዓረፍተ ነገር ላወራችሁ ነው። የምሬን ነው። የሰጣችሁኝን ሰዓት አብዛኛውን እሱ ላይ ነው የማጠፋው። ዓረፍተ ነገሩ ይኸው፦

«በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ ማንኛውንም የኤሌክትሮኒክስ መገልገያ ይዞ የተገኘ ተማሪ፣ እንደ ጥፋቱ ክብደት አግባብ ባለው አካል ተመጣጣኝ እርምጃ ይወሰድበታል።»

ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። የእናንተም ደንብ ውስጥ ወንድሙ ወይም እህቱ ይኖራል ማለት ነው። የማንንም ትምህርት ቤት ስም አላነሳም። ማንንም ልወቅስ አልመጣሁም፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ካረቀቁት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ስንጽፈው ደስ ብሎን ነበር። ሕግ ሕግ ይሸታል። «ማንኛውንም» አለው፣ «ተመጣጣኝ» አለው። ማን ይከራከረዋል?

ደንቡ ከጸደቀ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋ መጣች። ድምፁን መዝጋት ረስታለች። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጮኸ። መምህሩ ወሰደባት፣ ወደ ቢሮ ላካት፣ ለ3 ቀን ታገደች። በዚያው ሳምንት ሌላ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ በጠረጴዛ ሥር ጌም ሲጫወት ተያዘ። «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» ተባለና ታለፈ።

ልጅቷ ቅጣቷን ጨርሳ ስትመለስ አባቷ አብሯት መጣ። ይጮሃል ብለን ስንጠብቅ አልጮኸም። ደንቡን ጠየቀ፣ ቁጭ ብሎ አነበበ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀን። «ከሁለቱ ውሳኔዎች ደንቡን የጣሰው የትኛው ነው?»

መልሱ የትኛውም አልጣሰም ነው። ለሦስት ቀን ማገዱም፣ በምክር ማለፉም በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምንም ሳይጨናነቁ ይገባሉ። ከ«አይዞህ» እስከ መባረር ድረስ ሁሉንም የሚችል ዓረፍተ ነገር ጽፈን ነበር። ሁሉንም የሚችል ደንብ ደግሞ ለተማሪው የሚነግረው ነገር የለም።

እስቲ ዓረፍተ ነገሩን በየቁራጩ እንየው። «ይዞ የተገኘ» እንላለን። ልጅቷ ይዛ ተገኝታለች? ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ካልጮኸ ማንም አያውቅም። ታዲያ የተቀጣችው በመያዟ ነው ወይስ በመጮሁ? በመያዟ ከሆነ ግማሹ ክፍል መታገድ ነበረበት። በመጮሁ ከሆነ ደግሞ ደንቡ ስለ መጮህ አንድም ቃል አይልም። «ማንኛውንም የኤሌክትሮኒክስ መገልገያ» ሲባል ካልኩሌተርስ? የእጅ ሰዓትስ? የመስማት ችግር ያለበት ልጅ ጆሮው ላይ የሚያደርገው መሣሪያስ? ያንን ማንም እንደማይከለክል እናውቃለን። ልጁ ግን ከጽሑፉ አያውቅም። በጽሑፉ ከሄድን እሱም ጥፋተኛ ነው።

ወደ «አግባብ ያለው አካል» ስንመጣ ቆም ማለት አለብን። አማርኛ ለዚህ ዓይነት መደበቂያ በጣም የተመቸ ነው። «ይወሰድበታል» ስንል ማን እንደሚወስድ ሳንናገር ዓረፍተ ነገሩ ይሞላል። ግሱ ራሱ አድራጊውን ዋጥ ያደርገዋል። ለቢሮ ደብዳቤ ይህ ምቾት ነው። ለ13 ዓመት ልጅ ግን ጨለማ ነው። ማን ጋ ሄዶ «አላደረግኩም» እንደሚል አያውቅም። ያ «አካል» ፊት የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ በር የለውም። የኋላ ኋላ ልጆቹን ስንጠይቃቸው አንዱ «አካል ማለት ዘበኛው ነው?» ብሎናል። ምን ይፈረድበታል? ጠዋት በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሸው እሱ ነው።

ስለዚህ ደንቡን እንደገና ስንጽፍ የመጀመሪያው ሥራ ግሶቹን መገልበጥ ሆነ። «ይደረጋል»፣ «ይወሰዳል»፣ «ይሰጣል» ያለበትን ሁሉ በቀይ አሠመርንበት፤ ከዚያ እያንዳንዱን «ማን?» ብለን ጠየቅነው። ገጹ ቀይ በቀይ ሆነ። ከጥያቄዎቹ ቀላል የማይባሉትን እኛም መመለስ አቃተን። ሦስት ቀን ማገድ የሚችለው ማን ነው? የክፍል ኃላፊው መምህር? ምክትሉ? ርእሰ መምህሯ? እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም ሲያደርገው ኖሯል። የቋንቋ ሥራ መስሎን ገባንበት እንጂ፣ ቋንቋው ያጋለጠው ሥልጣን እንዳልተከፋፈለ ነው። ቃላት ከማቅለላችሁ በፊት ይህን ጨርሱ፤ ያልተወሰነ ነገር በቀላል ቋንቋ አይጻፍም።

ቀጥሎ ያከራከረን ደግሞ የሚያስቅ ነገር ነው። ተማሪውን ምን ብለን እንጥራው? «ተማሪው» ካልን ስለ ሌላ ሰው የምናወራ ይመስላል፤ አንባቢው ራሱን አያገኝበትም። «አንተ» ካልን ሴቶቹን አስቀረን። «አንተ/አንቺ» እያልን ስንጽፍ ግሱም አብሮ መሰንጠቅ አለበት፤ «ትችላለህ/ትችያለሽ»፣ «ካላመንክ/ካላመንሽ»። ሁለት ገጽ ካነበባችሁ በኋላ ዓይናችሁ ይደክማል። «እርስዎ» ደግሞ ባንክ ቤት ያስመስለዋል። በመጨረሻ ደንቡን በ«እናንተ» ጻፍነው። አንድ ልጅ ተከሶ ሲጠራ የሚሰጠውን ደብዳቤ ግን በሁለት ቅጂ አዘጋጀን፤ አንዱ ለወንድ፣ አንዱ ለሴት። ደንቡ ለሁሉም ነው፤ ደብዳቤው ለአንድ ልጅ ነው።

አንድ ቃል ደግሞ ተጠንቀቁ፤ «አይቻልም»። «በክፍል ውስጥ ስልክ መጠቀም አይቻልም» ብለን ጽፈን ነበር። አንዱ «ኔትወርክ አይሠራም?» አለን። ሳቅን፤ ልጁ ግን ልክ ነው። «አይቻልም» ችሎታንም ፈቃድንም ይናገራል። «ክልክል ነው» ማለት ግልጽ ነው። «አትጠቀሙ» ማለት ደግሞ ከሁሉም ይቀላል።

አሁን የተጻፈውን ላንብብላችሁ። ፍጹም ነው አልልም።

«ስልክ ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ። ከመግቢያው ደወል እስከ መውጫው ደወል ድረስ ግን ስልኩ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። በእረፍት ሰዓትም እንደዚያው ነው። ለጤና የሚያስፈልግ መሣሪያ፣ ካልኩሌተርና የእጅ ሰዓት በዚህ ደንብ አይነኩም። መምህር ለትምህርት ስልክ አውጡ ካላችሁ፣ ለዚያ ሥራ ብቻ ተጠቀሙበት። ከቤት አስቸኳይ ነገር ካለ፣ ወላጅ ወደ ቢሮ ይደውላል፤ እናንተም ከቢሮ ስልክ መደወል ትችላላችሁ።»

ከአሮጌው ይረዝማል፤ በሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ። ቀላል ማለት አጭር ማለት አይደለም። አሮጌው አጭር የሆነው የሚያስፈልገውን ስላልተናገረ ነው። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር የጨመርነው ደግሞ ልጆቹ ስለነገሩን ነው። ስልክ የማያጠፉበትን ምክንያት ስንጠይቅ ብዙዎቹ «እናቴ ብትደውልስ?» አሉ። ያንን ፍርሃት ሳትመልሱ «አጥፉ» ብትሉ አያጠፉም፤ ሳይለንት አድርገው ይደብቁታል።

ይህ እንደሚገባቸው እንዴት አወቅን? «ገባችሁ?» ብለን አልጠየቅንም። «ገባችሁ?» ስትሉት «አዎ» የማይል ተማሪ አላየሁም። ስድስት ልጆችን ጠራን፤ ሁለቱ ንባብ የሚከብዳቸው ናቸው። ጎበዞቹን ብቻ ብትጠሩ ፈተናው ከንቱ ነው፤ እነሱ አሮጌውንም ገምተው ያልፉታል። አንድ በአንድ ነው የጠራናቸው። ልጆች አብረው ከሆኑ የመጀመሪያው የተናገረውን ይደግማሉ። ገጹን ካነበቡ በኋላ ሳንወስድባቸው፣ እያዩት፣ ትንንሽ ታሪኮች ነገርናቸው። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ግን አልጠፋም፣ ጮኸ። ጥፋት ነው? ጓደኛህ ስልኩን «ያዝልኝ» ብሎህ እጅህ ላይ እያለ መምህር መጣ። ምን ይሆናል? በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤት ውስጥ መልእክት ብታይስ?

የጮኸውን ስልክ ሁሉም በትክክል መለሱ። ጓደኛ ያስያዘው ስልክ ላይ ግን ሦስት ዓይነት መልስ አገኘን። ያ ማለት የተሳሳቱት ልጆቹ አይደሉም፤ ገጹ ነው። «እጃችሁ ላይ ያለ ስልክ፣ የማንም ይሁን፣ እንደ እናንተ ስልክ ይቆጠራል» የሚል ጨመርን። አንዷ «እሱ ፍትሐዊ አይደለም» አለች። ሊሆን ይችላል። ግን ገብቷታል። ደንብ ገብቷት ስትከራከር ማየት ሳይገባት ዝም ስትል ከማየት ይሻላል።

ስለ ቅጣቱ ብዙ አልቆይም። መጀመሪያ ጊዜ፣ መምህሩ ስልኩን ይወስዳል፣ በመውጫ ደወል ይመልሳል። በዚያው መንፈቀ ዓመት ሁለተኛ ጊዜ፣ ስልኩን ወላጅ መጥቶ ይወስዳል። ሦስተኛ ጊዜ፣ ምክትል ርእሰ መምህሩ ከተማሪውና ከወላጅ ጋር ይቀመጣል፤ ለሁለት ሳምንት ስልኩ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ማታ ይወጣል። መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ብዙ ደንብ ላይ የለችም። ካልተጻፈች በ7ኛ ክፍል የተያዘ ልጅ 9ኛ ክፍል ላይ «ሦስተኛህ ነው» ይባላል።

ለስልክ ማገድ የሚባል ነገር እንደሌለ አስተውላችኋል። ልጅን ከትምህርት የሚለይ ቅጣት ለደኅንነት ለሚያሰጋ ነገር ቢቀመጥ ይሻላል፤ ትምህርቱን ረበሸ ብለን ራሱን ትምህርቱን መንሳት የተገለበጠ ሒሳብ ነው። «ሁሉም ላይ ያለ ምሕረት አንድ ዓይነት ከባድ ቅጣት» የሚለውን ሐሳብ የምትወዱ ካላችሁ፣ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሪፖርት ያንን መንገድ መርምሮ ትምህርት ቤቶችን ይበልጥ ደኅና እንዳላደረገ ጽፏል።

ከቅጣቶቹ ሥር ሌላ አጭር አንቀጽ አለች፤ ትምህርት ቤቱ የማያደርገውን ትናገራለች። «ማንም አይመታችሁም፣ አይሰድባችሁም። ስልካችሁ ውስጥ ያለውን መምህር ከፍቶ አያነብም። ለባህሪ ጥፋት የትምህርት ውጤት አይቀነስም። አንድ ሰው ላጠፋው ክፍሉ በሙሉ አይቀጣም።» አንዳንድ መምህራን «ይህማ ለእኛ የተጻፈ ደንብ ነው» አሉ። አዎ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የልጆች መብት ስምምነት በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥርዓት የልጁን ሰብዓዊ ክብር በጠበቀ መንገድ ይመራ ይላል። ልጅ ያንን መብት ከዓለም አቀፍ ሰነድ ላይ ፈልጎ አያገኘውም፤ ከክፍሉ ግድግዳ ላይ ሊያነበው ይገባል።

ከቅጣቱና ከይግባኙ መሃል አንድ እርምጃ አለ። ብዙ ጊዜ ተዘሎ ይታለፋል። ልጁን መስማት ነው። እዚህ ላይ አንድ የፍርድ ቤት ታሪክ ልጥቀስ። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በትምህርት ቤቶች ብጥብጥ ተነስቶ በርካታ ተማሪዎች እስከ 10 ቀን ታገዱ። ቀድሞ የሰማቸው አልነበረም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1975 ተወሰነ፤ «ጎስ በሎፔዝ ላይ» በሚል ስም ይታወቃል። በአምስት ለአራት ድምፅ ነው ያለፈው፤ ዳኞቹም ተከፋፍለው ነበር ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ ለአጭር እግድ ጠበቃ ይቁም፣ ምስክር ይጠራ አላለም። ያለው ቀላል ነው። ምን አጠፋህ እንደተባለ ይነገረው፤ ካላመነ ምን ማስረጃ እንዳለ ይገለጽለት፤ የራሱን ወገን ይናገር። ይህ ከእግዱ በፊት ይሁን። ልጁ እዚያ መቆየቱ ለሰው አደገኛ ከሆነ ብቻ መጀመሪያ ይውጣ፣ ከዚያ ቶሎ ይሰማ። ፍርዱ የአንድ አገር ነው፤ ሌላ ቦታ አያስገድድም። ግን ሁሉም በአምስት ደቂቃ፣ ኮሪደር ላይ ቆሞ እንኳ ሊያልቅ ይችላል። ጊዜ የለንም የሚል ሰበብ አያስኬድም።

እኛ ደንብ ላይ እንዲህ ሆነ። «ከመቀጣታችሁ በፊት ምን እንዳጠፋችሁ እንደተባለ እንነግራችኋለን። ማን እንዳየ ወይም ምን እንደተገኘ እንነግራችኋለን። ከዚያ እናንተ ትናገራላችሁ፤ ሳናቋርጥ እንሰማለን። ለመጻፍ የሚቀላችሁ ከሆነ ጻፉ።» «ሳናቋርጥ» የምትለዋ ቃል የአንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ናት። «ይሰሙናል፣ ግን መሃል ላይ ይገባሉ» አለን። የምክትል ርእሰ መምህሩ ፊት ሲቀላ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ይግባኝ እንሂድ። ረቂቁ ላይ «ተማሪው ቅሬታ ካለው ይግባኝ የማለት መብቱ የተጠበቀ ነው» ብለን ነበር። አንዷን ልጅ «ይህ ምን ማለት ነው?» አልናት። አሰበችና «ካልገባኝ እንደገና ያስረዱኛል ማለት ነው» አለች። እንዴት? «ይግባኝ» ይላላ። እንዲገባኝ ነዋ!

እኔ ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስጠቀምበት እንደዚያ ብሎ ሊነበብ እንደሚችል አስቤ አላውቅም። ልጅቷ ቃሉን ከምታውቀው ቃል ጋር አገናኘችው፤ ጥሩ አንባቢ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ፍርድ ቤት ሄዶ የማያውቅ ልጅ «ይግባኝ»ን ከየት ያመጣዋል? ሌሎቹ ደግሞ ቃሉን ያውቁታል፤ ግን ፍርድ ቤት፣ ጠበቃ፣ ገንዘብ ነው የሚታያቸው። «የተጠበቀ ነው» የሚለውም ሌላ ጣጣ ነው። የት ነው የተጠበቀው? ማን ነው የሚጠብቀው?

ቃሉን አላጠፋነውም። ልጁ ከትምህርት ቤት ውጭም ያገኘዋል፣ ይልመደው። ግን መጀመሪያ ሲመጣ ፈታነው። «ይግባኝ ማለት፦ ውሳኔው ልክ አይመስለኝም፣ ሌላ ሰው ይየው ብሎ መጠየቅ ነው።» ከዚያ ምክንያቶቹን በልጅ አፍ አስቀመጥን። «አላደረግኩትም።» «አድርጌዋለሁ፣ ግን ቅጣቱ በዝቷል፣ ወይም ሌላው በዚሁ ጥፋት ያነሰ ተቀጥቷል።» «ሳይሰሙኝ ወሰኑ።» ያቺ የስልክ ልጅ ሁለተኛውን ማለት ትችል ነበር፤ እንደምትችል የነገራት ሰው አልነበረም እንጂ።

ቀጥሎ ማን ያያል? ውሳኔውን የሰጠው ሰው አያይም። ይህ ግልጽ ይመስላል፤ ረቂቃችን ግን «ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር ያመለክታል» ይል ነበር። አስተዳደሩ ማን ነው? ያው ምክትሉ ነው። አሁን የክፍል ኃላፊው ከወሰነ ምክትሉ ያያል፤ ምክትሉ ከወሰነ ርእሰ መምህሯ ታያለች። እሷ ራሷ ከወሰነች ደግሞ ውሳኔው ውስጥ ያልነበሩ ሁለት መምህራንና አንድ የወላጅ ተወካይ ያያሉ። በስም አንጽፍም፣ ሰው ይቀያየራል። ኃላፊነቱን ከነቢሮው ቁጥር እንጽፋለን።

ቀን ላይ ጠንቀቅ በሉ። «በ5 ቀናት ውስጥ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሦስት ጉድጓድ አለው። ከመቼ ጀምሮ? ከጥፋቱ፣ ከውሳኔው ወይስ ደብዳቤው እጁ ከገባበት? ቅዳሜና እሑድ ይቆጠራል? የሚቆጠረው ማመልከቻው የተጻፈበት ነው ወይስ የደረሰበት? እኛ «ደብዳቤው እጃችሁ ከገባበት ማግስት ጀምሮ 5 የትምህርት ቀን» አልን፤ ከሥሩም ምሳሌ አስቀመጥን፦ ሰኞ ከተሰጣችሁ፣ መሃል ላይ በዓል ከሌለ፣ የመጨረሻው ቀን የሚቀጥለው ሰኞ ነው። ምሳሌዋን ያስጨመሩን ልጆቹ ናቸው። ከስድስቱ ግማሾቹ ዓርብ፣ ግማሾቹ ሰኞ ብለው ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው ወጥመድ ግን ይህ ነው። ይግባኙ እስኪታይ ቅጣቱ ምን ይሆናል? የ3 ቀን እግድ ዛሬ ከጀመረና ይግባኙ በ5 ቀን ከታየ፣ ልጁ ቢያሸንፍም ያሸነፈው ወረቀት ነው። ቀኖቹ አይመለሱም፤ የቀረበት ፈተና አይመለስም። የልጅቷ አባት የመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ እንደነበር አስታውሱ። ስለዚህ «ይግባኝ ካላችሁ፣ መልስ እስክታገኙ ቅጣቱ አይጀምርም» ብለን ጻፍን፤ ሰው የመጉዳት አደጋ ካለ በቀር። ያኔ ልጁ ይወጣል፣ ይግባኙ ግን በማግስቱ ይታያል፤ የቤት ሥራውም ይላክለታል። ስልክ ተወስዶ ማታ የሚመለስ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፣ አስፈላጊም አይደለም። እዚያ ላይ ይግባኙ የሚጠቅመው ቆጠራው እንዲሰረዝ ነው።

አንድ የወላጅ ተወካይ «እንዲህ ከሆነ ሁሉም ጊዜ ለመግዛት ይግባኝ ይላል» ብለው ሞግተውን ነበር። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ለዚህ ነው ይግባኙን ለሚያየው ሰው 3 የትምህርት ቀን ብቻ የሰጠነው፤ ያን ያህል ጊዜ መግዛት ብዙ አያዋጣም።

ልጆቹ የጠየቁንና እኛ ያላሰብነው ሌላ ነገር አለ። «ይግባኝ ብል ቅጣቱ ይጨምርብኛል?» ስድስቱም፣ በተለያየ አባባል፣ ይህንን ጠየቁ። እኛ ለካ መልሱን ስለምናውቅ ጥያቄው አልታየንም። «ይግባኝ ስላላችሁ ቅጣት አይጨመርባችሁም» የሚል ዓረፍተ ነገር ገባ። ካሸነፉም መዝገቡ ላይ የተጻፈው እንደሚሰረዝ። ካልተሳካ ደግሞ ምክንያቱ በጽሑፍ እንደሚሰጣቸው፤ «ተቀባይነት አላገኘም» ብቻ ተብሎ እንደማይመለስ።

የአገር ሕግ ስላለ ሁሉን ነገር በገዛ እጃችሁ መወሰን አትችሉም። ስለ መባረር፣ ስለ እግድ ርዝመት ወይም ስለ አካል ቅጣት ሕጉ የሚለው ካለ ደንባችሁ ከዚያ በታች አይወርድም፤ ስለዚህ ከማጽደቃችሁ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው ያንብበው። ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ያ ሰው «ለተማሪዎች ይህ ቀላሉ ይሁን፣ ዋናው ግን በሕግ ቋንቋ ለብቻው ይቀመጥ» ሊላችሁ ይችላል። እሺ አትበሉ። ሁለት ጽሑፍ ካለ ውሎ አድሮ ይለያያሉ። አንዱን ያሻሽላሉ፣ ሌላውን ይረሳሉ። ክርክር ሲመጣ ደግሞ የሚያሸንፈው ልጁ ያላነበበው ነው።

የመጨረሻውን ረቂቅ ለእነዚያው ስድስት ልጆች አልሰጠንም፤ እነሱ አሁን ያውቁታል። ሌሎች አራት ጠራን። ታሪኩ ይህ ነበር፦ «ምክትል ርእሰ መምህሩ ለ2 ቀን አግዶሻል። አላደረግሽውም። አሁን ምን ታደርጊያለሽ?» የመጀመሪያዋ ልጅ ገጹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ማን ጋ እንደምትሄድ አወቀች፤ ርእሰ መምህሯ ጋ። እስከ መቼ? ቆጥራ ነገረችን። ቅጣቱ እንደማይጀምርም አገኘችው። እርስ በርስ ተያየን፤ አለቀ አልን።

ከዚያ «ቅጹን ሞልቼ እሰጣለሁ ይላል» አለች። «አዎ።» «ቅጹን ከየት ነው የማመጣው?»

ገጹን ገለበጥነው። «ቅጹ ከምክትል ርእሰ መምህሩ ቢሮ ይገኛል» ይላል።

ልጅቷ ምንም አላለችም። ገጹን መለሰችልን። አሁን ቅጹ ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ፣ ክፍት ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ማንንም ሳይጠይቁ ይወስዱታል።